ከቃለ መጠይቅ በኋላ የተረሳ ምሳሌ ሲልኩ ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

ባሕር ዳር ላይ ለመስክ ፕሮጀክቶች ሠራተኛ በሚመርጡ ኮሚቴዎች ውስጥ ለዓመታት ስቀመጥ፣ ተወዳዳሪዎች ከቃለ መጠይቁ በኋላ የሚልኳቸውን የምስጋና መልእክቶች አንብቤያለሁ። ብዙዎቹ የሚጻፉት ለምስጋና ብቻ አይደለም፤ በክፍሉ ውስጥ ሳይነገር የቀረ ልምድ ወይም ምሳሌ ለመጨመር ጭምር ነው። ይህን ማድረግ ነውር የለውም። ሆኖም መልእክቱ ስለ ሥራው መናገሩን ትቶ ስለ ትናንቱ መልስ መከራከር ሲጀምር፣ የተጨመረው ምሳሌ ጥሩ ቢሆንም እንኳ ጸሐፊው ራሱን የሚከላከል ሰው መስሎ ይታያል።

ከስህተቶቹ ሁሉ የሚከፋው መልእክቱን በይቅርታ መጀመር ነው፤ ትዕግሥቴን የሚያስጨርሰኝም እርሱ ነው። «በጣም ስለተጨነቅሁ ጥያቄውን በአግባቡ ሳልመልስ ቀረሁ፣ ይቅርታ እጠይቃለሁ» የሚል መልእክት ደጋግሞ ይደርሰኛል። ይህን የሚጽፉ ወጣቶች ትሕትና ያሳዩ ይመስላቸዋል። በእኛ ጠረጴዛ ላይ ግን የሚሆነው ሌላ ነው። እያንዳንዱ የኮሚቴ አባል ለየጥያቄው በራሱ ቅጽ ላይ ነጥብ ይሰጣል፤ ከነጥቡም አጠገብ ተወዳዳሪው የሠራውን፣ የሠራበትን ቦታና የተገኘውን ውጤት በአጭሩ ይጽፋል። ከዚያ በኋላ ተሰብስበን ነጥቦቻችንን እናነጻጽራለን። መልእክትዎ ከዚህ ንጽጽር በፊት ከደረሰ፣ ከጥያቄው አጠገብ ልንጽፈው የምንችል አዲስ ነገር እንፈልግበታለን። «ተጨንቄ ነበር» የሚለው ቃል የሚጻፍ ነገር አይሰጠንም። ይባስ ብሎም መልስዎን መካከለኛ አድርጎ የመዘነው አባል መልእክቱን አንብቦ «ለካ ራሷም ደካማ መሆኑን አውቃዋለች» ይላል፤ ይህን አባባል በጆሮዬ ሰምቼዋለሁ። ማንም ያላስተዋለውን ድክመት ስም አውጥተው የሰጡን እርስዎ ራስዎ ነዎት ማለት ነው።

አንድ ጉዳይ በዝርዝር ልጥቀስ። ከመስኖ ገበሬዎች ጋር ለሚሠራ የማኅበረሰብ አደራጅ የሥራ መደብ የቀረበች አንዲት ወጣት፣ በውሃ ተጠቃሚዎች መካከል አለመግባባት ሲነሣ ምን እንደምታደርግ ተጠየቀች። መልሷ «ሁለቱንም ወገን አወያያለሁ» የሚል ነበር፤ ስህተት የለበትም፣ ግን ማንም ሊለው የሚችለው ነው። ወደ ቤቷ ስትመለስ፣ መርዓዊ አጠገብ በሚገኘው በቆጋ መስኖ የተግባር ልምምድ ላይ ሳለች ያጋጠማት ነገር ትዝ አላት። በመጀመሪያ የጻፈችው ረቂቅ ከግማሽ በላይ ስለ ድንጋጤዋ፣ ስለ ሰዓቱ ማጠርና ጥያቄው ግልጽ ስላለመሆኑ የሚያወራ ነበር፤ ቆጋ የተጠቀሰው በመጨረሻው መስመር ላይ ብቻ ነው። ረቂቁን ለሚያውቃት ባለሙያ አሳይታ ካስተካከለች በኋላ የላከችው ግን የሚከተለውን ይመስላል፦

«ጤና ይስጥልኝ። ትናንት ስለሰጣችሁኝ ጊዜ አመሰግናለሁ። የውሃ ተጠቃሚዎችን አለመግባባት ስለ መፍታት ላነሣችሁት ጥያቄ አንድ ተጨባጭ ምሳሌ ልጨምር። ባለፈው ዓመት በቆጋ መስኖ ለተግባር ልምምድ በቆየሁበት ወቅት፣ በአንድ ቦይ ራስጌና ግርጌ የሚያርሱ ገበሬዎች በውሃ ተራ ተጣልተው ነበር። የቦዩ በር የሚከፈትበትንና የሚዘጋበትን ሰዓት ለሁለት ሳምንት በየቀኑ መዝግቤ ውሃውን ለሚያከፋፍለው የውሃ አባትና ለሁለቱም ወገን ተወካዮች አሳየሁ። ለግርጌዎቹ የሚደርሰው ሰዓት ማነሱን ሁሉም ስላዩት ተራው በስምምነት እንደገና ተደለደለ። ድልድሉን የወሰኑት እነርሱ ናቸው፤ የእኔ ድርሻ መዝገቡ ነበር።»

በዚህ መልእክት ውስጥ ስለ ቃለ መጠይቁ የሚናገሩት ምስጋናውና ምሳሌውን ከጥያቄው ጋር የሚያያይዘው ዓረፍተ ነገር ብቻ ናቸው። ጥያቄው በርእሱ መጠቀሱ አስፈላጊ ነው፤ ምክንያቱም አንባቢው ምሳሌውን በቅጹ ላይ የት ማስፈር እንዳለበት ወዲያውኑ ያውቃል። የቀረው ሁሉ ቦታ፣ ድርጊትና ውጤት ነው። የመጨረሻው ዓረፍተ ነገር ደግሞ ከሁሉ ይበልጥ ዋጋ አለው፤ ኮሚቴ ሁልጊዜ «አንቺ ራስሽ የሠራሽው የትኛውን ነው?» ብሎ ስለሚጠይቅ፣ ጥያቄው ሳይነሣ ተመልሷል። የገበሬዎቹን ውሳኔ የራሷ አድርጋ ብትጽፈው ኖሮ፣ የመስክ ሥራ የሚያውቅ ሰው አያምናትም ነበር።

ረቂቅዎ ወደ መከላከል ማዘንበሉን ለማወቅ፣ ስለ መልስዎ፣ ስለ መርሳትዎና ስለ ስሜትዎ የሚናገሩትን ዓረፍተ ነገሮች በሙሉ ሰርዘው የቀረውን ያንብቡ። የቀረው ራሱን የቻለ የሥራ ታሪክ ከሆነ እርሱን ብቻ ይላኩ፤ ምንም ካልቀረ ግን ምስጋናውን ብቻ መላክ ይሻላል። «ማለት የፈለግሁት»፣ «እንደ እውነቱ ከሆነ»፣ «በተሳሳተ መንገድ እንዳልተረዳችሁኝ ተስፋ አደርጋለሁ» የሚሉ አነጋገሮች ካሉበትም ረቂቁ ገና ክርክር ላይ ነው።

ጥያቄውን ወይም ጠያቂውን መውቀስ ላይ ብዙ አልቆይም፤ አያድርጉት።

የረሱትን ሁሉ በአንድ ጊዜ መዘርዘርም ጀማሪዎች የሚወድቁበት ነው። አራት ምሳሌ የያዘ መልእክት ቃለ መጠይቁን እንደገና ለመቀመጥ የሚለምን ሰው ያስመስላል፤ አንባቢውም ከአራቱ የትኛው እንደሚመዝን መምረጥ የእርሱ ሥራ ስለሚሆንበት አንዱንም አይመርጥም። መልስዎ ከሁሉ ይበልጥ ጥቅል የነበረበትንና ለሥራው ዋና የሆነውን ጥያቄ ለይተው፣ ለእርሱ አንድ ምሳሌ ይምረጡ።

ከዚህ የተለየው አደጋ የተጨመረው ነገር በክፍሉ ውስጥ ከተናገሩት ጋር መጋጨቱ ነው። ትናንት «በዳሰሳ ጥናት መረጃ ሰብስቤ አላውቅም» ያለ ሰው ዛሬ «የረሳሁት የመረጃ ሰብሳቢነት ልምድ አለኝ» ቢል፣ እውነት እንኳ ቢሆን ጥርጣሬ ያስነሣል። እንዲህ ሲያጋጥም ምሳሌ እንደሚጨምር ሰው ሳይሆን ስህተት እንደሚያርም ሰው መጻፍ ይገባል፤ «ትናንት የለኝም ብዬ ነበር፤ ሆኖም በዚህ ቦታ ለዚህ ያህል ጊዜ ሠርቻለሁ፣ ኃላፊዬም ሊያረጋግጡ ይችላሉ» ብሎ በግልጽ ማስቀመጥ ነው። ማረጋገጫ የሚሰጥ ሰው ከሌለ ግን ባይነሣ ይመረጣል።

ጊዜውንና ቦታውን ያላገናዘበ መልእክትም ከንቱ ነው። በግል ድርጅቶችና በግብረ ሠናይ ድርጅቶች ዘንድ ነጥቦች የሚነጻጸሩት ብዙውን ጊዜ የመጨረሻው ተወዳዳሪ ከወጣ በኋላ በመሆኑ፣ በማግሥቱ ከቀትር በፊት የደረሰ መልእክት ሊነበብ ይችላል፤ ከሳምንት በኋላ የደረሰው ግን በአብዛኛው ከውሳኔ በኋላ የመጣ ነው። ለቃለ መጠይቁ በተጠሩበት ኢሜይል ላይ መልስ አድርገው ይላኩት እንጂ፣ የአንዱን አባል የግል ቴሌግራም ፈልገው አይጻፉ። በመንግሥት መሥሪያ ቤት ደግሞ ነጥቡ በቃለ ጉባኤ ተፈርሞ ከተዘጋ፣ አዲስ ምሳሌ ለአንድ ተወዳዳሪ ብቻ መቀበል ለሌሎቹ ፍትሐዊ ስለማይሆን ኮሚቴው ሊያየው አይችልም፤ እዚያ ምሳሌዎን ለሚቀጥለው ውድድር ያቆዩት። ምሳሌውን በዘመድ ስልክ ለማስነገር የሚሞክሩም አሉ። የዚህች ከተማ ሰው እርስ በርሱ ስለሚተዋወቅ ቀላል ይመስላል፤ ነገር ግን ስልኩ ከተደወለ በኋላ ኮሚቴው የሚነጋገረው ስለ ደዋዩ ነው።

መልስ ካልመጣ መልእክቱን ደግሞ መላክ አያስፈልግም። ስለ ውጤቱ መጠየቅ ከፈለጉ፣ ድርጅቱ ያሳውቃል የተባለበት ቀን ካለፈ በኋላ ምሳሌውን ሳያነሡ ለብቻው ይጠይቁ።