የአሸንዳው ውሃ የት እንደሚወድቅ እዩ

አንዱ የጣሪያ ክንፍ 10 ሜትር በ5 ሜትር ቢሆን፣ 20 ሚሊ ሜትር ዝናብ ሲጥል ወደ 1,000 ሊትር የሚጠጋ ውሃ ከአሸንዳው በቧንቧው በኩል አንድ ቦታ ላይ ይወርዳል። ቧንቧው ግድግዳው ሥር ካበቃ ይህን ሁሉ ውሃ የሚጠጣው መሠረቱን የያዘው አፈር ነው፤ ጥቁር አፈር ደግሞ በክረምት ሲርስ አብጦ፣ በበጋ ሲደርቅ ተኮማትሮ ቤቱን ስለሚያንቀሳቅሰው፣ ከመስኮት ጥግ ተነሥቶ በሰያፍ የሚሄድ ስንጥቅ ወይም ክረምት ሲገባ አልዘጋ የሚል በር ይታያል።

ስለዚህ ቧንቧውን ቀጥላችሁ አፉን ከግድግዳው 2 ሜትር ያህል አርቁት። ቀጥሎም ከግድግዳው ወደ ውጭ 2 ሜትር ሲባጎ በውሃ ልክ አስተካክላችሁ ወጥሩ፤ ከሲባጎው እስከ መሬት ያለው ርቀት በውጭኛው ጫፍ ግድግዳው ሥር ካለው ቢያንስ በ10 ሳንቲ ሜትር ካልበለጠ፣ ግድግዳው ሥር አፈር እየጨመራችሁ በደንብ ጠቅጥቁት። አሸዋና ጠጠር ውሃውን ወደ ታች ስለሚያሳልፉ ለዚህ ሥራ አይሆኑም።

በእኛ ቤት አሸንዳውም ተዳፋቱም ደህና ነበሩ፤ ውሃው ይገባ የነበረው በውጭ በኩል ያለው ሊሾ ከግድግዳው ተላቆ በተፈጠረው ጣት በሚያስገባ ክፍተት ነበር። እባካችሁ ያንን መገጣጠሚያ ከሰኔ በፊት ድፈኑት።