ክሬቲን ስትገዙ ጣሳውን አዙሩት

የጂም አሠልጣኝ ነኝ። በየጊዜው አንዱ «ከአሜሪካ ተልኮልኝ ነው፣ እስቲ እየው» ብሎ የክሬቲን ጣሳ ያመጣልኛል፤ ስፖርተኞች ለጡንቻ ጉልበት የሚወስዱት ዱቄት ነው። ሁሉም የሚያሳየኝ ፊቱን ነው። ቁም ነገሩ ግን ያለው ከጀርባው ነው።

የሚያናድደኝ ስህተት የጣሳውን ክብደት እንደ ክሬቲኑ ክብደት መቁጠር ነው። እኔም ተሸውጄበታለሁ። መጀመሪያ የገዛሁት የፍራፍሬ ጣዕም ያለው 300 ግራም ነበር። ከጀርባው በደቃቅ ፊደል «ሰርቪንግ ሳይዝ 10 ግራም» ይላል፤ የአንድ ጊዜ መጠን ማለት ነው። ዝቅ ብሎ ደግሞ «ክሬቲን ሞኖሃይድሬት 3 ግራም»። ታዲያ 7ቱ ግራም የት ገባ? «አዘር ኢንግሪዲየንትስ» የሚለው መስመር ላይ ቁጭ ብሏል፦ ዴክስትሮስ፣ ማልቶዴክስትሪን፣ ሲትሪክ አሲድ፣ ማጣፈጫ፣ ቀለም። እዚያ ቀድሞ የሚጻፈው በክብደት የሚበልጠው ነው። ዴክስትሮስ ደግሞ ያው ስኳር ነው። ጣሳው 30 ጊዜ ይወጣዋል፤ በ3 ግራም ሲባዛ 90 ግራም። የ300 ግራም ብር ከፍዬ 90 ግራም ክሬቲን ታቅፌ ገባሁ! በቀን 5 ግራም ብወስድ 18 ቀን ነው የሚቆየኝ። ንጹሁ 60 ቀን ይሄድ ነበር። ወንድሜ፣ ስኳር ከፈለግህ ሰፈርህ ሱቅ አለ።

ጣዕም የሌለው ንጹህ ክሬቲን ላይ ሁለቱ ቁጥሮች እኩል ናቸው፤ ሰርቪንጉ 5 ግራም ከሆነ ክሬቲኑም 5 ግራም ነው። ሌላ ነገር አልተጨመረበትም።

«ብሌንድ»፣ ማለትም ድብልቅ፣ ብሎ ድምሩን ብቻ ጽፎ የክሬቲኑን መጠን ለብቻው ካልነገራችሁ መልሱት።

ሌላው ስህተት «ላብ ቴስትድ» የሚል ወርቃማ ክብ ማመን ነው። የትኛው ላብራቶሪ? ስም የለውም። አሜሪካ ውስጥ የምግብና መድኃኒት ተቆጣጣሪው ኤፍዲኤ እንደ ክሬቲን ያለ ሰፕልመንትን ገበያ ከመግባቱ በፊት አያጸድቅም፤ ስለዚህ አምራቹ ራሱን ሲያሞግስ ነው። «ጂኤምፒ» የሚለውም የሚናገረው ስለ ፋብሪካው አሠራር እንጂ ስለ እጃችሁ ጣሳ አይደለም። ከአምራቹ ውጭ ያሉ መርማሪዎች ኤንኤስኤፍ ሰርቲፋይድ ፎር ስፖርትና ኢንፎርምድ ስፖርት ናቸው። ምልክታቸውን አይቶ ማመንም አይበቃም፤ ማንም ሊያትመው ይችላል። ድረ ገጻቸው ላይ ምርቱን ፈልጉት፣ ኢንፎርምድ ስፖርት ላይ ደግሞ ጣሳው ላይ ያለውን የባች ቁጥር፣ ማለትም የተመረተበትን ዙር ቁጥር።

አንድ ልጅ ስልኩን አውጥቶ «ይኸው ስሙ አለ!» አለኝ። አዎ፣ የድርጅቱ ስም አለ። የተመረመረው ግን ጣዕም የሌለው ዓይነት ነበር፤ የእሱ የሐብሐብ ጣዕም ያለው ነው። ምስክር ወረቀት የሚሰጠው ለምርቱ እንጂ ለድርጅቱ ስም አይደለም።

«ክሬፒዩር» የሚለውንም ከዚህ ጋር አታምታቱት። ጀርመን ውስጥ አልዝኬም የሚያመርተው ክሬቲን የንግድ ስም ነው። ዱቄቱ ጥሩ ነው፤ እኔም እገዛዋለሁ። ግን የሚነግራችሁ ክሬቲኑ ከየት እንደመጣ ነው። በኋላ ጣሳው ውስጥ ማን ምን እንደቀላቀለበት ለማወቅ ያው ወደ ጀርባው መመለስ ነው።