ሃሽ ቁልፍ አይደለም፦ ደጋግሜ የማያቸው ስህተቶች

«ስልክ ቁጥሮቹን ሃሽ አድርገናቸዋል፣ ዳታቤዙ ቢሰረቅም ችግር የለም» የሚል ሰው ስሰማ ደሜ ይፈላል።

ሃሽ ቁልፍ የለውም፣ ስለዚህ የሚቆልፈውም የሚከፍተውም ነገር የለም። የአንድ ቃልም ሆነ የአንድ ሙሉ ፊልም ፋይል ስጡት፣ እኩል ርዝመት ያለው አሻራ ያወጣል። በSHA-256 ይህ አሻራ 256 ቢት ነው። ያው ግብዓት ሁሌም ያው አሻራ አለው። ከአሻራው ተነስቶ ግብዓቱን አስልቶ ማግኛ መንገድ አይታወቅም።

ሰው የሚሳሳተው እዚህ ጋ ነው። ወደኋላ መመለስ ባይቻልም ወደፊት መሞከር ይቻላል። ከ09 በኋላ የሚቀረው 8 አሃዝ፣ ማለትም 100 ሚሊዮን አማራጭ ነው። SHA-256 ደግሞ ፈጣን ነው። በሰከንድ 1 ሚሊዮን ብቻ ብንሞክር እንኳ ከ100 ሰከንድ በኋላ ሁሉንም ጨርሰናል። ቡናው ገና አልፈላም።

እኔም ሠርቼዋለሁ። ሥራ በጀመርኩ ሰሞን እንዲህ ያለ ዝርዝር «ስም አልባ ነው» ብዬ ለባልደረባዬ ላክሁለት። ከምሳ ስመለስ የራሴን ስልክ ቁጥር በብጣሽ ወረቀት ጽፎ ጠረጴዛዬ ላይ አስቀምጦልኝ ነበር።

ለስልክ ቁጥር HMACን፣ ማለትም ከሚስጥራዊ ቁልፍ ጋር የሚሰላውን አሻራ ተጠቀሙ፣ ቁልፉንም ከዳታቤዙ ውጭ አኑሩ። ለይለፍ ቃል ደግሞ ሆን ተብሎ ቀርፋፋ የተደረገው Argon2id የተባለ ሃሽ አለ። ለእያንዳንዱ ተጠቃሚ ሶልት የሚባል የተለየ የዘፈቀደ ዳታ ስለሚጨመር የሁለት ሰዎች አንድ ዓይነት ይለፍ ቃል አንድ ዓይነት አሻራ አይሰጥም።

ሌላው ስህተት «ተመሳሳይ ነው» ብሎ መገመት ነው። ግብዓቱ ላይ አንዲት ቢት ብትቀየር ከአሻራው ግማሽ ያህሉ ይገለበጣል። ለእኛ «ኃይሉ» እና «ሀይሉ» አንድ ሰው ነው፤ ለሃሽ ግን የማይተዋወቁ ሁለት ቃላት ናቸው። ስም ከማነጻጸራችሁ በፊት ፊደሉን ወደ አንድ ወጥ አጻጻፍ አምጡ። ጀማሪዎችን ግማሽ ቀን የምታስለቅሰው ደግሞ ይህቺ ናት፦

```
echo abc | sha256sum
printf abc | sha256sum
```

ሁለተኛው በ`ba7816bf` ይጀምራል፣ የመጀመሪያው ግን አይደለም። `echo` መጨረሻው ላይ የማትታይ አዲስ መስመር ጨምሯል።

MD5 የተባለውን አሮጌ ሃሽ ለዲጂታል ፊርማ አትጠቀሙ፤ ፊርማው የሚያርፈው በሰነዱ አሻራ ላይ ነውና። አሻራው ውስን፣ ግብዓቱ ግን ማለቂያ የሌለው ስለሆነ አንድ አሻራ የሚጋሩ ፋይሎች መኖራቸው አይቀርም። ጥሩ ሃሽ የሚባለው እነሱን ማንም ፈልጎ ሊያገኛቸው የማይችለው ነው። MD5 በ2004 እ.ኤ.አ. ይህን አጣ። SHA-1 የተባለው ሌላ ሃሽም በ2017 ተከተለው፤ አሻራቸው አንድ የሆነ ሁለት የተለያዩ ፒዲኤፎች ወጡ። አጭበርባሪው ሁለቱንም ሰነድ ራሱ ያዘጋጃል። ለእናንተ ደህነኛውን ያስፈርማችኋል፣ በኋላ ፊርማችሁን ይዞ የሚመጣው ግን በሌላኛው ሰነድ ላይ ነው።

ፋይሉንም አሻራውንም ከአንድ ሰርቨር አውርዶ «አረጋገጥኩ» ማለትም አለ። ሰርቨሩን የሰበረ ሰው ሁለቱንም ይቀይራቸዋል።