ነጥቡን አልፎ ቀጤ ነክ ያልሆነው መስመር
ደሴ ውስጥ የማስጠናው ተማሪ፣ ለ2x + 3y = 12 ቀጤ ነክ ሆኖ በ(4, −1) የሚያልፈውን መስመር እኩልዮሽ ሲፈልግ y = −x/2 + 1 ላይ ደረሰ። በx ቦታ 4ን ሲተካ y በትክክል −1 ስለሚሆን መልሱ ልክ ነው ብሎ ቢከራከር አይፈረድበትም፤ ነገር ግን ይህ ማረጋገጫ መስመሩ በነጥቡ ማለፉን እንጂ ቀጤ ነክነቱን አያሳይም። የሁለቱን መስመሮች ስሎፕ ስናባዛ −1 መምጣት ሲገባው 1/3 መጣ።

የስሕተቱ ምንጭ ከx ፊት ያለውን 2 እንደ ስሎፕ መውሰዱ ነበር። yን ለብቻው ስናወጣ y = −(2/3)x + 4 ስለሚሆን፣ የተሰጠው መስመር ስሎፕ −2/3፣ የቀጤ ነኩ ደግሞ ተገልብጦና ምልክቱ ተቀይሮ 3/2 ነው። ከዚያም y + 1 = (3/2)(x − 4) ብለን ሁለቱንም ጎን በ2 ስናባዛ 3x − 2y = 14 አገኘን።

ውጤቱን ከመነሻው ጋር ላስተያየ ሰው 2 እና 3 ቦታ ተለዋውጠው አንዱ ምልክቱን ቀይሯል። እኔ በበኩሌ ይህን መንገድ እመርጣለሁ፤ ምክንያቱም እንደ y = 5 ላለ አግድም መስመር ስሎፕን የማባዛቱ ሕግ አይሠራም፣ ቁጥሮቹን ማለዋወጥ ግን በዚያው ነጥብ x = 4ን ያለ ችግር ይሰጣል።