«ግሉተን የለውም» የተባለው የጤፍ ብስኩት ሰው ሲያሳምም፦ ችግሩና መፍትሄው

ስቲከሩ ላይ የምርቱ ስም፣ የተጣራ ክብደቱ፣ የተመረተበትና የሚያበቃበት ቀን፣ አድራሻውም እንዳለ ቆጥሬ ልጀምር። ቀኑ በየትኛው አቆጣጠር እንደሆነ ካልጻፋችሁ ጻፉት፤ በሰባት ወይም በስምንት ዓመት የሚለይ ቀን የሚያነብ እንግዳ አለ።

ምልክት፦ ደንበኛው አንዳንዴ ይታመማል፣ አንዳንዴ ምንም አይሆንም

ባሕር ዳር ላይ ደጋግሜ የማየው ይህን ነው። ሐይቁ ዳር ላሉ ሆቴሎች የጤፍ ብስኩት አሽጎ የሚያቀርብ ሁሉ «ግሉተን የለውም» ብሎ ይጽፋል። ጤፉ እውነትም ስንዴና ገብስ ውስጥ ያለው ይህ ፕሮቲን የለውም፤ ዱቄቱ ግን ሌላ ጉዳይ ነው።

በ250 ግራም ከረጢት የምታሽግ አንዲት ባለሙያ ከሆቴል ስልክ ተደወለላት። ሴሊያክ የተባለው፣ ግሉተን የሚያሳምመው በሽታ ያለበት እንግዳ ብስኩቱን በልቶ ሆዱ ተነፍቶ፣ ተቅማጥ ይዞት አደረ። ከዚያ በፊት ከገዛው ከረጢት ግን ምንም አልሆነም። «ጋሼ፣ ስንዴ እኮ ቤቴ አይገባም» አለችኝ። እውነቷን ነው። «ወፍጮ ቤት ካንቺ በፊት ማን አስፈጨ?» አልኳት። «አንድ ሰውዬ፣ ለዳቦ።»

አንዳንዱ ዙር አሳምሞ አንዳንዱ ደህና ከሆነ መጀመሪያ ወፍጮ ቤቱን ጠርጥሩ፤ በየጊዜው የሚለወጠው ከእናንተ በፊት የተፈጨው እህል ነው። ኮዴክስ የተባለው ዓለም አቀፍ የምግብ ደረጃ «ግሉተን የለውም» ለማለት የሚፈቅደው ለሽያጭ በቀረበው ምግብ በኪሎ ከ20 ሚሊግራም ያልበለጠ ግሉተን ነው። የስንዴ ዱቄት በግምት አንድ አሥረኛው ግሉተን ነው እንበል። እንግዲህ አንድ ኪሎ የጤፍ ዱቄት ውስጥ 0.2 ግራም፣ አሥር ኪሎ ውስጥ 2 ግራም የስንዴ ዱቄት ከገባ ገደቡ ላይ ተደርሷል ማለት ነው። ስኳሩና ቅቤው ትንሽ ቢያሳሱትም፣ ሁለት ግራም ዱቄት የሻይ ማንኪያ እንኳ አይሞላም። ከድንጋዩ ሥርና ዱቄቱ ከሚወርድበት አፍ ላይ በጣት ጠርጋችሁ እዩ፤ የሚወጣው ከዚያ ይበልጣል።

የሚያናድደኝ ይህ ነው፦ በርበሬ በተፈጨበት ወፍጮ ጤፍ አስፈጭ ብትሉት እሺ የሚል የለም፣ እንጀራው ያቃጥላላ። ስንዴ ግን ምላስ ላይ ስለማይታወቅ ማንም አይጠይቅም።

መፍትሄው ሁለት ነው። አንደኛው፣ ለጤፍ ብቻ የሚሆን የራስ ትንሽ ወፍጮ ይዞ፣ ከአውድማ የመጣውን ጤፍ ከገብስና ከስንዴ ፍሬ አበጥሮና ነፍቶ መፍጨት። ሁለተኛው፣ ቃሉን ከስቲከሩ ማንሳትና «ስንዴ በሚፈጭበት ወፍጮ የተፈጨ» ብሎ መጻፍ። መጀመሪያ ጥቂት ኪሎ ጤፍ አስፈጭቶ ለቤት እንጀራ ማዋል፣ ቀጥሎ ያለውን ለሽያጭ መያዝ ብክለቱን ይቀንሳል፤ «ግሉተን የለውም» ለማለት ግን አያበቃም። በመፈተሻ ስትሪፕም አትታለሉ፤ የሚፈትሸው የወሰዳችሁትን ቁንጥር ነው፣ ጆንያውን አይደለም። «ግሉተን የለውም» እና «ስንዴ ሊኖረው ይችላል» አንድ ከረጢት ላይ ጎን ለጎን አይጻፉ! አይቻለሁ፣ ለዚያውም በወርቃማ ቀለም።

ምልክት፦ ከየትኛውም ዙር ቢበላ ይታመማል

ይህ ከወፍጮው ይልቅ የግብዓት ችግር ሳይሆን አይቀርም። የማርጋሪኑን፣ የቤኪንግ ፓውደሩን፣ የቅመም ድብልቁን መጠቅለያ አንብቡ። እናንተ «ማርጋሪን» ብላችሁ ያለፋችሁት ውስጥ የወተት አጓት ሊኖር ይችላል፤ ስለዚህ «ማርጋሪን (የዘይት ድብልቅ፣ የወተት አጓት)» ተብሎ ይዘረዘራል። ከጆንያ እየተቀነሰ የሚሸጥ፣ መጠቅለያው የማይታይ ግብዓት ከሆነ አትግዙት።

እዚህ ላይ «የጾም» የሚለው ቃል ብዙ ሰው ያሳስታል። ጿሚው የፍስክ ነገር እንዳልገባበት ካወቀ ይበቃዋል፤ ወተት የማይስማማው ሕፃን ግን ቅቤ በተቀባ መጋገሪያ ላይ የተጋገረው ራሱ ሊጎዳው ይችላል። በበላ በደቂቃዎች ውስጥ ቆዳው ሽፍ ካለ፣ ከንፈሩ ካበጠ ወይም ትንፋሽ ካጠረው ጉዳዩ አለርጂ ነውና ወደ ሕክምና ይሩጥ፤ የስቲከሩ ነገር በኋላ ይደርሳል።

ሰሊጥና ለውዝም እንዲሁ በስማቸው ይጻፋሉ፤ «ልዩ ልዩ ቅመሞች» የሚል መሸፈኛ አይሠራም።

ምልክት፦ የካሎሪው ቁጥር ከተመሳሳይ ምርቶች ያነሰ ነው

በሊጡ ክብደት አካፍላችኋል። 1000 ግራም ሊጥ 3400 ኪሎካሎሪ ቢኖረውና ተጋግሮ 850 ግራም ቢቀር፣ የጠፋው ውሃ ነው፤ ካሎሪው እዚያው አለ። ለ100 ግራም የሚጻፈው 340 ሳይሆን 400 ነው። ብስኩቱን ከቀዘቀዘ በኋላ መዝኑት፣ ምጣዱን ሳትጨምሩ።