አልጋ ላይ ሲገላበጡ ቤቱ ሲዞር፦ በጆሮ ጠጠር ማዞር ላይ የምንሠራቸው ስህተቶች

ሰፈሩ ሁሉ እማማ የሚላቸው ጎረቤት አሉን። ዕድሜያቸው 60ን አልፏል። አንድ ሌሊት ወደ ቀኝ ጎናቸው ገልበጥ ሲሉ ኮርኒሱም፣ ቁም ሳጥኑም፣ አልጋውም አንድ ላይ ዞረባቸው። የአልጋውን ጠርዝ ጨምድደው ያዙ። ግማሽ ደቂቃ ያህል ቆይቶ ተዋቸው። ጠዋት ሲነሱ ደገማቸው፣ አስመለሳቸውም። ፊዚዮቴራፒስት ስለሆንኩ ልጃቸው ደውላ ጠራችኝ፤ ግን ከሦስት ሳምንት በኋላ ነበር። በሥራዬ ላይ በተናጠል የማያቸው ስህተቶች በዚያ ሦስት ሳምንት ውስጥ አንድ ቤት ተሰብስበው ነበር።

ግፊት ነው፣ ደም ማነስ ነው ብሎ መደምደም

እኛ ዘንድ "አዞረኝ" ያለ ሰው መጀመሪያ የሚሰማው መልስ "ግፊትህን ተለካ" ነው። መለካቱ አይከፋም። ግን ከመለካት በፊት አንድ ጥያቄ መጠየቅ ይገባል፦ የሚያዞርህ ምን ስታደርግ ነው?

ግፊት ወርዶ የሚያዞረው ሰው ሲቆም ነው የሚያዞረው። ዓይኑ ይጨልማል፣ ጉልበቱ ይከዳዋል። የውስጥ ጆሮው ጠጠር ከቦታው የተላቀቀበት ሰው ግን ጋደም ሲል፣ ተኝቶ ሲገላበጥ፣ ከላይኛው መደርደሪያ ዕቃ ለማውረድ ቀና ሲል ያዞረዋል። ፀጉር ቤት ለመታጠብ ራሱን ወደ ኋላ ሲጥልም እንዲሁ። ከአልጋ መነሳት ሁለቱንም ሊያመጣ ስለሚችል እሱ አይለይም። ተኝቶ መገላበጥ ግን ይለያል፤ አልጋ ላይ በተገላበጡ ቁጥር ግፊት አይወርድም።

እማማም ግፊታቸው ደህና ነበር። ከዚያ የጭንቅላት ሲቲ ስካን ተነሱ። ውጤቱ "ምንም የለም" የሚል ሆነ፤ ቤተሰቡ ግራ ተጋባ። ጠጠሮቹ በጣም ጥቃቅን ስለሆኑ ሲቲ ስካንም ሆነ ኤምአርአይ አያሳያቸውም። ፎቶው ንጹሕ ሆነ ማለት ጠጠር የለም ማለት አይደለም።

የጠጠሩን ነገር በኪኒን መታገል

ኪኒኑ ለምን እንደማያድን ለመረዳት ጆሯችን ውስጥ ገባ ብለን እንይ።

ከታምቡር ወዲያ፣ አጥንት ውስጥ፣ ሚዛናችንን የሚጠብቅ ክፍል አለ። እዚያ ባለች አንዲት ትንሽ ከረጢት ውስጥ ጄል መሰል ንጣፍ ላይ የተጣበቁ የካልሲየም ካርቦኔት ጠጠሮች አሉ። ሁላችንም አሉን፣ ያስፈልጉናልም። ራሳችን ወዴት እንዳዘነበለ የሚነግሩን በክብደታቸው ነው። ከከረጢቷ ጋር ደግሞ በፈሳሽ የተሞሉ ሦስት ቀለበት መሰል ቱቦዎች ተያይዘዋል። ራሳችንን ስናዞር በቱቦው ውስጥ ያለው ፈሳሽ ወደ ኋላ ይቀርና ጫፉ ላይ ያለውን ስስ መጋረጃ ይገፋዋል። አንጎል "ዞርን" የሚለውን ወሬ የሚሰማው ከዚያ መጋረጃ ነው።

በዕድሜ ብዛት፣ ራስን በመመታት፣ አንዳንዴም ታሞ ለረጅም ጊዜ በመተኛት ጠጠሮቹ ከንጣፉ ይላቀቁና ወደ ቱቦዎቹ ይገባሉ። አብዛኛውን ጊዜ የሚገቡት ወደ ኋለኛው ቱቦ ነው፤ ስንቆምም ሆነ ስንተኛ ዝቅ ብሎ የሚገኘው እሱ ስለሆነ። የጀበናን አተላ አስቡት። ጀበናው ካልተነካ አተላው ታች ተኝቷል። ሲያዘነብሉት ይንቀሳቀሳል። እማማ ሲገላበጡ ጠጠሮቹ በቱቦው ውስጥ ቁልቁል ይወርዳሉ፣ ፈሳሹን አብረው ይጎትታሉ፣ ፈሳሹም መጋረጃውን ይስባል። ራሳቸው ቆሞ ሳለ አንጎላቸው "እየዞርን ነው" የሚል ወሬ ይደርሰዋል። ጠጠሮቹ ሲሰክኑ ማዞሩም ይቆማል። ለዚህ ነው ከአንድ ደቂቃ የማያልፈው።

ታዲያ ለማዞር የሚታዘዙት ሲናሪዚን ወይም ቤታሂስቲን የቱን ጠጠር ያነሳሉ? ማቅለሽለሹን ቢያስታግሱ ነው። ለአንድ ሁለት ቀን ማስመለስ ለበረታበት ሰው ቢሰጥ አልቃወምም። እማማ ግን ሲናሪዚን ለሦስት ሳምንት በቀን ሦስት ጊዜ ወስደዋል። ቀኑን ሙሉ እንቅልፍ እንቅልፍ ይላቸዋል፣ ሲራመዱ ይንገዳገዳሉ። በዚያ ዕድሜ ደግሞ ትልቁ አደጋ መውደቅ ነው። ይህ መድኃኒት አረጋውያን ላይ ለረጅም ጊዜ ከተወሰደ ፓርኪንሰን የሚመስል መንቀጥቀጥና መገተር ሊያመጣም ይችላል።

ማዞር ሁሉ ጠጠር ነው ማለት

እዚህ ላይ መጠንቀቅ አለብን። ሳይንቀሳቀሱ ለሰዓታት የማያቋርጥ ማዞር የጠጠር አይደለም። ከማዞሩ ጋር ነገር ሁለት ሆኖ መታየት፣ አንደበት መተሳሰር፣ የፊት መጣመም፣ የእጅ ወይም የእግር መዛል፣ ድንገተኛ ከባድ ራስ ምታት፣ ወይም ቆሞ መሄድ አለመቻል ካለ ስትሮክ ሊሆን ይችላል። ወዲያውኑ ወደ ድንገተኛ ክፍል ነው መሮጥ። ጆሮ አብሮ ከደነቆረም ሌላ ነገር ነው፤ ሳይውሉ ሳያድሩ የአንገት በላይ ሐኪም ይየው።

የትኛው ጆሮ እንደሆነ ሳይለዩ መጀመር

የእማማ የልጅ ልጅ ቪዲዮ አይቶ "እኔ እሠራልሻለሁ" ብሎ ሞክሮላቸው ነበር። ለልጁ አድናቆት አለኝ። ነገር ግን ቪዲዮው የሚያሳየው የግራ ጆሮን ነበር፤ የእማማ ጠጠር ያለው በቀኝ። በተሳሳተ ጎን የተሠራ ሥራ ጠጠሩን ካለበት አያወጣውም።

ጎኑ የሚለየው ማርጋሬት ዲክስ እና ቻርልስ ሆልፓይክ እ.ኤ.አ. በ1952 ባሳዩት ምርመራ ነው። እማማን አልጋ ላይ እግራቸውን ዘርግተው አስቀመጥኳቸው። ራሳቸውን ወደ ቀኝ 45 ዲግሪ አዞርኩና፣ "እማማ፣ ዓይንዎን እንዳይጨፍኑ፤ አፍንጫዬን ይዩ" ብዬ ፈጠን አድርጌ አስተኛኋቸው። ራሳቸው ከአልጋው ጠርዝ ትንሽ ዝቅ ብሎ በእጄ ላይ አረፈ። አምስት ሰከንድ ያህል ምንም የለም። ከዚያ ዓይናቸው መዝለል ጀመረ። ብሌናቸው ወደ ግንባር በኩል ብድግ ብድግ ይላል፣ እግረ መንገዱን ወደ ታችኛው ጆሮ እየተጠመዘዘ።

"ኧረ ልጄ፣ ወደቅሁ!" አሉ፣ ክንዴን ጨምድደው።

"ይዤዎታለሁ፣ አይወድቁም።"

ሃያ ሰከንድ ያህል ቆይቶ ተወ። በግራ ስደግመው ምንም አልታየም። ያዞራቸውና ዓይናቸውን ያዘለለው ቀኙ ጆሮ ታች ሲሆን ነው፤ ስለዚህ ጠጠሩ የቀኝ ነው። ቤት ውስጥ ይህን የሚያይልን ሰው ከሌለ፣ ራስን በየጎኑ አዙሮ ጋደም ብሎ በየትኛው እንደሚብስ መለየት ጥቂት ይረዳል። የመጀመሪያውን ጊዜ ግን ሥራውን የሚያውቅ ባለሙያ ቢያደርገው እመርጣለሁ። የአንገት አጥንት ችግር፣ የዓይን ሬቲና መላቀቅ ወይም የአንገት ደም ሥር ጥበት ያለበት ሰው ደግሞ ያለ ሐኪም ምክር ፈጽሞ አይሞክረው።

መቸኮል

አብዛኛው ሰው የሚሳሳተው እዚህ ነው። ኤፕሊ የሚባለው ዘዴ የተሰየመው በአሜሪካዊው የጆሮ ሐኪም በጆን ኤፕሊ ነው። እ.ኤ.አ. በ1992 ያሳተመው ዘዴ ቀላል ነው፦ ራስን ደረጃ በደረጃ አዙሮ ጠጠሩን በቱቦው ዙሪያ አንሸራትቶ ወደ መጣበት ከረጢት መመለስ። ጠጠሩን የሚያንሸራትተው ክብደቱ ራሱ ነው፤ ስለዚህ ወደ ታች ለመድረስ ጊዜ መስጠት አለብን። ቡናው ሳይሰክን የቀዳ ሰው አተላ ይጠጣል።

በእማማ ላይ እንዲህ ሆነ። ትራሱን ከራሳቸው ሥር ሳይሆን ከትከሻቸው ሥር እንዲሆን አስቀመጥኩት፤ ራስ ወደ ኋላ ዘንበል የሚለው እንደዚያ ሲሆን ነው። ልጁ ትራሱን ራሳቸው ሥር አድርጎት ስለነበር ቱቦው በሚገባ አላዘነበለም። ራሳቸው 45 ዲግሪ ወደ ቀኝ እንደዞረ አስተኛኋቸው። ማዞሩ መጣ፣ አለፈ። ካለፈ በኋላ ሌላ ግማሽ ደቂቃ ጠበቅን፤ ባጠቃላይ አንድ ደቂቃ ያህል። ጠጠሩ የመጀመሪያውን መታጠፊያ ደረሰ ማለት ነው።

ቀጥሎ ራሳቸውን ቀና ሳላደርግ፣ እንደተኙ፣ ወደ ግራ 90 ዲግሪ አዞርኩት። ሰዎች በዚህ ጊዜ ራሳቸውን ከአልጋው ያነሳሉ፤ ያኔ ጠጠሩ ወደ ኋላ ይመለሳል። እንደገና አንድ ደቂቃ። ከዚያ መላ ሰውነታቸው በግራ ጎን ተገለበጠ፣ አፍንጫቸው ወለሉን እስኪያይ። አንገት ብቻ መጠምዘዝ አይበቃም፣ ትከሻም አብሮ መዞር አለበት። እዚህ ላይ ትንሽ አዞራቸው፤ "ደገመኝ" ብለው ሊነሱ ፈለጉ። ጠጠሩ በትክክለኛው መንገድ እየሄደ መሆኑን የሚነግረን ግን ይኸው ነው። ማዞሩ ሲመጣ ብድግ ማለት ሥራውን ከመሃል ማፍረስ ነው። ሌላ አንድ ደቂቃ ቆየን። በመጨረሻ በግራ ጎናቸው በኩል፣ አገጫቸውን ወደ ደረታቸው ጠጋ አድርገው፣ እግራቸውን አውርደው ተቀመጡ። ሲቀመጡ ድንገት ወደ ኋላ የሚጥል ስሜት ሊመጣ ስለሚችል ትከሻቸውን ይዤ ነበር። መጣም፣ ያዝኳቸው።

የግራ ጆሮ ከሆነ ሁሉም ነገር በተቃራኒው ጎን ነው።

ሲያልቅ ጥቂት አረፍን። ምርመራውን ስደግም ዓይናቸው አልዘለለም። አንዳንድ ሰው ሁለት ሦስት ጊዜ ይደገምለታል። ደጋግሞም እምቢ ካለ ጠጠሩ ኋለኛው ቱቦ ውስጥ ላይሆን ይችላል። በጎን ያለው ቱቦ ውስጥ የገባ ጠጠር ተኝቶ ወደ ቀኝም ወደ ግራም ሲገላበጡ በኃይል ያዞራል። ለእሱ የሚሠራው እንደ ጥብስ እንጨት መላ ሰውነትን ማንከባለል ነው፤ ኤፕሊን መደጋገም አይጠቅመውም።

ከዳኑ በኋላ ራስን ማሰር

የእማማ ልጅ፣ "ስንት ቀን ተቀምጣ ትደር?" አለችኝ። ድሮ ሐኪሞችም እንዲህ ያዙ ነበር፤ አንገት ማሰሪያ የሚሰጡም ነበሩ። በኋላ በጥናት ሲታይ ለአብዛኛው ሰው ጥቅም አልተገኘበትም። ትራሷ ላይ እንደልቧ ትተኛ አልኳት። ለጥቂት ቀን ራስ ቅልል ማለት፣ በሚወዛወዝ ነገር ላይ የቆሙ መምሰል ይኖራል፣ ያልፋል። አንገትን ገትሮ፣ በአንድ ጎን ብቻ እየተኙ መሰንበት አንገት ከማሳመምና ከማስፈራት በቀር የሚጨምረው የለም።

ሲመለስ ያንኑ መድገም

ጠጠሩ ቦታው ተመለሰ እንጂ ዳግመኛ እንዳይላቀቅ የሚያስረው ነገር የለም። ብዙ ሰው ላይ በዓመታት ውስጥ ይመለሳል። ቫይታሚን ዲያቸው ዝቅ ያለ ሰዎች ላይ መመለሱ ይበዛል፤ ስለዚህ ተደጋጋሚ ከሆነ ማስለካት ይጠቅማል። እማማም ከአሥራ አራት ወር በኋላ ደወሉልኝ። "ያው ነው ልጄ፣ በቀኜ በኩል አድርገሽ እንደ ባለፈው መልሺልኝ" አሉ። ሄጄ አስተኛኋቸው። በቀኝ ምንም የለም። በግራ ሳስተኛቸው፣ አምስት ሰከንድ ያህል ቆይቶ፣ ዓይናቸው ዘለለ።