ለእህቴ ልጅ፦ የመጀመሪያ ሠራተኛሽን ስትቀጥሪ ልትጠነቀቂያቸው የሚገቡ ስህተቶች

ይድረስ ለእህቴ ልጅ፣

ሽምብጥ የከፈትሽው ሱቅ ለአንድ ሰው እየከበደ መምጣቱንና ከመራዊ አንድ ልጅ ልታመጪ መሆኑን እናትሽ ነገረችኝ። ልጁ ሥራ ከመጀመሩ በፊት ይህን አንብቢው። የባሕር ዳር ባለሱቆችን ሒሳብ ስሠራ ሠራተኛና ባለሱቅ ሲካሰሱ ብዙ አይቻለሁ፤ አብዛኛው ክርክር የሚነሳው ከጥቂት ስህተቶች ነው። አንዱ ስህተት ግን እጅግ ስለሚያናድደኝ ከእሱ ልጀምር።

እሱም የጎደለ ዕቃን ከሠራተኛ ደመወዝ መቁረጥ ነው። በከተማችን ይህ ሕግ ይመስል ሁሉም ያደርገዋል። ባለሱቋ ቆጥራ ገንዘቡ አልሞላ ሲላት ወር ሲደርስ ለልጁ ግማሹን ትሰጠዋለች፤ አንዳንዷ ጭራሽ ትከለክለዋለች። ልጁም አገር ቤት የሚልከው ስለሌለው አንገቱን ደፍቶ ይቀመጣል። ይህ ሕገወጥ ነው። በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 አንቀጽ 59 መሠረት፣ በሕግ፣ በኅብረት ስምምነት፣ በሥራ ደንብ ወይም በፍርድ ቤት ትእዛዝ ካልሆነ ወይም ሠራተኛው ራሱ በጽሑፍ ካልተስማማ በቀር ከደመወዝ ላይ መቁረጥ አይቻልም። በስምምነት የሚቆረጠው እንኳ በአንድ ጊዜ ከወር ደመወዙ ሲሶ አይበልጥም። በወር 5,000 ብር የሚያገኝ ልጅ ቢስማማም ከ1,666 ብር በላይ ልትቆርጪበት አትችዪም።

አንድ የማውቀው ባለሱቅ ለሐምሌ ግብር ዕቃ ሲያስቆጥር ብዙ ብር ጎድሎ አገኘ። አራት ወር ሙሉ ለልጁ የምግብ ብቻ እየሰጠ ቀሪውን ያዘበት፤ ልጁም ወደ ፍርድ ቤት ሄደ። ዳኛው የጠየቁት ጥያቄ ቀላል ነበር፦ ዕቃውን መቼና በስንት ቆጥረህ አስረከብከው? የርክክብ ወረቀት አልነበረም። ቁልፉ ደግሞ በባለሱቁ፣ በሚስቱና በልጁ እጅ ነበር። የተያዘው ደመወዝ በሙሉ ይመለስ ተብሎ ተፈረደ። ጎደለ የተባለውን ማን እንደወሰደው እስከ ዛሬ የሚያውቅ የለም። አንቺ ግን እንዲህ ያለ ጉዳይ ሲገጥምሽ ሠራተኛው ይረሳዋል ብለሽ እንዳታስቢ፤ ደመወዝ መከፈል ከነበረበት ቀን ጀምሮ ስድስት ወር ድረስ መጠየቅ ይችላል።

በልጁ የሚላከከው ጉድለት አብዛኛውን ጊዜ ሌብነት ሳይሆን የቆጠራ ችግር ነው። እንዴት እንደሚጣራ በቁጥር ላሳይሽ። ሰኞ ጠዋት ሁለታችሁ አብራችሁ ዕቃውን በመሸጫ ዋጋ ቁጠሩት፤ 84,000 ብር ሆነ እንበል። ጽፋችሁ ሁለታችሁም ፈርሙ። በሳምንቱ የ31,000 ብር ዕቃ ገባ። በሚቀጥለው ሰኞ ስትቆጥሩ 72,500 ቀረ። ስለዚህ ከመደርደሪያው የወጣው የ42,500 ብር ዕቃ ነው። አሁን ገንዘቡን ፈልጊ፦ በእጅ 33,800፣ በቴሌብር 5,200፣ በዱቤ ደብተር 2,600፤ ድምሩ 41,600 ነው። የጎደለው 900 ብር ነው። ልጁን ከመጠየቅሽ በፊት ግን ማክሰኞ ማታ ለቤት የወሰድሽውን የ780 ብር ዘይት አስቢ። ከደብተሩ ያልሰፈረው እሱ ነው። እውነተኛው ጉድለት 120 ብር ብቻ ነው፤ የተበጠሰ የስኳር ከረጢት ወይም በተሳሳተ መልስ የተሰጠ ገንዘብ ሊሆን ይችላል። ለቤት የሚወጣውን ሁሉ፣ አንዲት ክብሪትም ብትሆን፣ ደብተሩ ላይ ጻፊ። እናትሽም ስትወስድ ትጻፍ። ቁልፉ ከአንቺና ከልጁ እጅ አይውጣ።

እንዲህ በየሳምንቱ ከተቆጠረ በኋላም ጉድለቱ ከቀጠለ፣ የጎደለውን ቁጥር ለይተሽ ልጁ አምኖ በጽሑፍ ከተስማማ ከሲሶ ሳይበልጥ እየቀነሽ ትቀበዪያለሽ። ካላመነ ደመወዙን ሙሉ ከፍለሽ ጉዳትሽን በክስ ትጠይቂያለሽ። «ማንኛውም የጎደለ ነገር ከደመወዜ ይቆረጥ» የሚል ወረቀት መጀመሪያ ቀን ማስፈረም ብልህነት የሚመስላቸው አሉ። እኔ በእሱ አልተማመንም፤ የምተማመነው ቁጥሩ ከታወቀ በኋላ በተፈረመ ወረቀት ነው። ተያዥ አምጣ ማለትም የሳምንቱን ቆጠራ አይተካም።

ቀጥሎ ያለው ስህተት ልጁን ያለ ወረቀት ማስገባት ነው። «የዘመድ ልጅ ነው፣ ምን ወረቀት ያስፈልገዋል?» ይላሉ። የዘመድ ልጅም ቢሆን ደመወዝ እየተከፈለው በአንቺ ትእዛዝ ከሠራ ሠራተኛሽ ነው፤ መብቱ በወረቀት መኖር አለመኖር አይቀየርም። ወረቀት በማጣት የምትጎጂው አንቺ ነሽ። በሁለት ቅጂ የሚጻፈው ውል ገጽ አይሞላም፦ የሁለታችሁ ስምና አድራሻ፣ የልጁ ዕድሜ፣ የሥራው ዓይነትና ቦታ፣ የደመወዙ መጠን፣ እንዴትና መቼ እንደሚከፈል፣ ፊርማ። ውሉ በቃል ከሆነ በ15 ቀን ውስጥ ይህንኑ ዝርዝር ጽፈሽና ፈርመሽ ልትሰጪው ይገባል።

በውሉ ላይ የሙከራ ጊዜውን መጻፍ አትርሺ። የሙከራ ጊዜ ከ60 የሥራ ቀናት አይበልጥም፤ በጽሑፍም መሆን አለበት። በቃል «መጀመሪያ ልየው» ማለት ሙከራ አይባልም። አሁንም 45 ቀን የሚሉ ሰዎች ትሰሚያለሽ፤ እሱ የቀድሞው ሕግ ነው። የሙከራው ጥቅም ልጁ ለሥራው የማይሆን ሆኖ ካገኘሽው ያለ ማስጠንቀቂያ ልታሰናብቺው መቻልሽ ነው። ካልጻፍሽ ይህ ዕድል የለሽም። «ለስድስት ወር ብቻ» ብሎ መጻፍም አያድንሽም፤ ሱቅ በቋሚነት የሚሠራ ሥራ ስለሆነ ውሉ ላልተወሰነ ጊዜ እንደተደረገ ይቆጠራል። በተወሰነ ጊዜ የሚቀጠረው ለምሳሌ በወሊድ ወይም በሕመም የሄደ ሠራተኛን ለመተካት ነው።

ዕድሜውን በዓይን አትገምቺ፤ መታወቂያ ወይም የልደት ማስረጃ እይ። ከ15 ዓመት በታች የሆነን መቅጠር ክልክል ነው። 15 ሞልቶት 18 ካልሞላው ደግሞ በቀን ከ7 ሰዓት በላይ አይሠራም፤ ከምሽቱ 4 ሰዓት እስከ ንጋቱ 12 ሰዓት፣ በትርፍ ሰዓት፣ በዕረፍት ቀኑና በበዓል አታሠሪውም።

ስለ ደመወዝ ስትነጋገሩ «5,000 እጅህ ላይ ይደርሳል» ካልሽ ሳታውቂው ሌላ ስምምነት ገብተሻል። 5,000 ያልተቆረጠው ደመወዝ ከሆነ ሒሳቡ እንዲህ ነው። በአዋጅ ቁጥር 1395/2017 በተሻሻለው የገቢ ግብር ሠንጠረዥ የመጀመሪያው 2,000 ነጻ ነው፤ ከ2,001 እስከ 4,000 ያለው በ15 በመቶ፣ ከዚያ እስከ 7,000 በ20 በመቶ ይታሰባል። ስለዚህ ግብሩ 300 እና 200፣ ድምሩ 500 ብር። የጡረታው የልጁ ድርሻ 7 በመቶ ማለትም 350 ብር ነው። እጁ ላይ የሚደርሰው 4,150 ይሆናል። አንቺ ደግሞ ከራስሽ 11 በመቶ የጡረታ መዋጮ፣ 550 ብር፣ ትጨምሪያለሽ። ለአንቺ ወጪው 5,550 ነው።

«እጅህ ላይ» ብለሽ ከተስማማሽ ግን ያልተቆረጠው ደመወዝ ወደ 6,164 ብር ከፍ ይላል፤ ከአንቺ የጡረታ ድርሻ ጋር በወር ወደ 6,842 ብር ይወጣብሻል። ይህን ልዩነት ከመስማማትሽ በፊት እንጂ በስድስተኛው ወር መማር የለብሽም። ግብሩን ካልቆረጥሽ ገቢዎች የሚጠይቀው ልጁን ሳይሆን አንቺን ነው፤ የወሩን ግብር ወሩ ባለቀ በ30 ቀን ውስጥ አስገቢ። ደመወዝ ስትከፍዪም ጠቅላላውን፣ የተቆረጠውንና የተጣራውን የሚያሳይ መዝገብ ላይ ልጁን አስፈርሚ።

የሥራ ሰዓት ላይ ሱቆች ሁሉ ይሳሳታሉ። ልጁ ጠዋት 1 ሰዓት ከፍቶ ማታ 3 ሰዓት ቢዘጋ፣ አንድ ሰዓት ለምሳ ብትቀንሺለት እንኳ 13 ሰዓት ሠርቷል ማለት ነው። መደበኛው በቀን 8፣ በሳምንት 48 ሰዓት ነው። ትርፍ ሰዓት በቀን 4፣ በሳምንት 12 ሰዓት ነው ጣሪያው፤ ያውም ለአስቸኳይ ሥራ፣ ለአደጋ ወይም የቀረ ሰውን ለመተካት እንጂ የየዕለት ልማድ እንዲሆን አይደለም። በየቀኑ እስከ ማታ መክፈት ከፈለግሽ ጠዋቱን አንቺ ያዢው፤ ልጁ ከቀኑ 6 ሰዓት ይግባ። በአጋጣሚ ትርፍ ሰዓት ከሠራ በቀን የተሠራው አንድ ተኩል፣ ከምሽቱ 4 ሰዓት በኋላ 1.75፣ በዕረፍት ቀን ሁለት፣ በሕዝብ በዓል ሁለት ተኩል እጥፍ ይከፈላል። 5,000 ለ208 ሰዓት ሲካፈል ሰዓቱ 24 ብር ገደማ ነው፤ የጥምቀት ዕለት 5 ሰዓት ቢሸጥ ወደ 300 ብር ትከፍዪዋለሽ። በሳምንት ያልተቋረጠ 24 ሰዓት ዕረፍት ይገባዋል፤ በዓመትም ለመጀመሪያው ዓመት 16 የሥራ ቀን ፈቃድ። «ሱቁ ውስጥ እያደርክ ጠብቅ» የምትዪው ከሆነም ለሥራ ዝግጁ ሆኖ የሚያድርበት ጊዜ የሥራ ሰዓት ነውና ዘበኛ ለብቻ ቅጠሪ።

አንድ ቀን ብትለያዩ በንዴት «ከነገ ጀምሮ አትምጣ» አትበዪው። ሙከራውን ጨርሶ አንድ ዓመት ያልሞላው ከሆነ የአንድ ወር የጽሑፍ ማስጠንቀቂያ ትሰጪዋለሽ፤ ከዚያ በላይ እስከ ዘጠኝ ዓመት ከሆነ የሁለት ወር። ሕግ የሚቀበለው ምክንያት በወረቀቱ ላይ መጠቀስ አለበት። የሠራበትን ደመወዝና ያልወሰደውን የዓመት ፈቃድ ሒሳብ በ7 የሥራ ቀናት ውስጥ አስረክቢው፤ ብታዘገዪው ፍርድ ቤት እስከ ሦስት ወር ደመወዝ ሊያስጨምርብሽ ይችላል። ከዚያም የሠራበትን ጊዜ፣ የሥራውን ዓይነትና የደመወዙን መጠን የሚገልጽ የምስክር ወረቀት በነጻ ጽፈሽ ስጪው።

ውሉን ረቂቅ አድርገሽ ላኪልኝ፤ ከመፈረማችሁ በፊት አየዋለሁ።

አጎትሽ